ቁጣው ይውጣ፣ ቀነ ገደቡ ይግባ

ሰኞ ሰኔ 8 ጠዋት ነው። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የምትሠራ የሒሳብ ባለሙያ ለግዢ ቡድን መሪው ኢሜይል ጽፋ ጨርሳለች። የቀራት መላክ ብቻ ነው።

«ጉዳዩ፦ በጣም አስቸኳይ!!!

አቶ እከሌ፣

ደጋግሜ ብናገርም የሚሰማኝ አላገኘሁም። አሁንም የላካችሁት የክፍያ ሰነድ እንደተለመደው ያልተሟላ ነው። ሞዴል 19 የሌለው ሰነድ እንደማይከፈል እያወቃችሁ ለምን ትልካላችሁ? አቅራቢዎች በየቀኑ እየመጡ የሚጮሁት እኛ ላይ ነው። በጀቱ ቢመለስ ተጠያቂው የእናንተ ክፍል ነው። በአስቸኳይ አስተካክላችሁ ላኩ።

ግልባጭ፦ ለምክትል ዋና ዳይሬክተር»

ምሳሌው ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ነው፤ ሰኔን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳለፈ ሰው ግን ጸሐፊዋን የሚያውቃት ሳይመስለው አይቀርም። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ሥራ ላይ ያልዋለ በጀት ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ሲንከባለል የከረመ ግዢ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ይቆለላል። ሞዴል 19 ደግሞ ዕቃው ተቆጥሮ ንብረት ክፍል መግባቱን የሚያረጋግጠው የገቢ ደረሰኝ ነው። እሱ ሳይያያዝ ክፍያ የፈጸመ ባለሙያ ኦዲተር ሲመጣ መልስ የሚሰጠው ራሱ ነው። ሴትዮዋ የተናደደችው ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ንዴቷ ልክ ነው፤ ልክ ያልሆነው ኢሜይሉ ነው።

እንዲህ ያለ ኢሜይል ከመላኩ በፊት ያየ የሥራ ባልደረባ አብዛኛውን ጊዜ «ትንሽ ለስለስ አድርጊው» ይላል። ይህ ምክር ለእኔ አይዋጥልኝም። የዚህ ኢሜይል ችግር መጠንከሩ ሳይሆን ጠንካራ መስሎ ባዶ መሆኑ ነው። ስድስት ዐረፍተ ነገሮች አሉት። አምስቱ የሚናገሩት ስለ ግዢ ክፍል ጥፋትና ስለ ጸሐፊዋ ብሶት ነው። ሥራ የሚጠይቀው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የትኛው ሰነድ እንደሆነ፣ ምኑ እንደጎደለና እስከ መቼ እንደሚፈለግ አይናገርም። አቶ እከሌ ቅን ሰው ሆነው ዛሬውኑ ሊታዘዙ ቢነሡ እንኳ ምን ይዘው እንደሚመጡ አያውቁም። ቅር ያላቸው እንደሆነ ደግሞ «የትኛውን ሰነድ ማለትሽ ነው?» የሚል የአንድ መስመር መልስ ጽፈው ሁለት ቀን መግፋት ይችላሉ። ማንም አይፈርድባቸውም።

እንግዲህ እንደገና እንጻፈው ስንል ቃላት መምረጥ ላይ አንጀምርም። የምንጀምረው ሰነዶቹን ከፍቶ ከማየት ነው። ይህ ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ነው፤ የተናደደ ሰው ነገሩን አስቀድሞ የሚያውቀው ይመስለዋልና።

ባለሙያዋ ካቢኔቱን ከፍታ ባለፈው ሳምንት ከግዢ ክፍል የመጡትን ሰነዶች ብትዘረዝር ዘጠኝ ናቸው። አምስቱ ምንም አይጎድላቸውም። የቶነርና የመኪና ጎማ ግዢዎቹ ሞዴል 19 አልተያያዘባቸውም። የወንበር ግዢው ላይ የግዢ ትዕዛዙ 84,600 ብር ሲል የአቅራቢው ደረሰኝ 86,400 ብር ይላል። የጽዳት ዕቃ ግዢው ትዕዛዝ ላይ ፊርማ የለም።

አሁን ነገሩ መልኩን ቀየረ። «እንደተለመደው ያልተሟላ» ከተባለው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተሟልቶ ተገኘ። ሞዴል 19 የሚቆርጠው ደግሞ ንብረት ክፍል እንጂ ግዢ ክፍል አይደለም። ዕቃው ገብቶ ሳለ ደረሰኙ ያልተቆረጠው የንብረት ሠራተኛው ፈቃድ ላይ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። የወንበሩ 1,800 ብር ልዩነት ከቁጥሮቹ አቀማመጥ ሲታይ አንዱ ወገን 4ንና 6ን አቀያይሮ የጻፈ ይመስላል፤ ስህተቱ ከትዕዛዙ ይሁን ከደረሰኙ ግን ገና አልታወቀም። የአቶ እከሌ ክፍል ጥፋት ነው ተብሎ በእርግጠኝነት ሊነገር የሚችለው የፊርማው መጉደል ብቻ ነው። የመጀመሪያው ኢሜይል ተልኮ ቢሆን አቶ እከሌ «ሞዴል 19 የእኛ ሥራ አይደለም» ብለው በሁለት መስመር ይመልሱ ነበር፤ ያውም ምክትል ዋና ዳይሬክተሩ እያዩ። የዚያን ጊዜ የምታፍረው ማን ናት?

ሰነዶቹን ማየት የቁጣውን ግማሽ ያበርደዋል። የቀረው ግማሽ በአራት ቃላት ውስጥ ተደብቋል። «ደጋግሜ» እና «እንደተለመደው» የዛሬውን ጉዳይ ትተው የከረመውን ሁሉ ይጎትታሉ፤ ተቀባዩም ስለ ዛሬው ሰነድ ማሰቡን ትቶ ያልተበላሸበትን ጊዜ መቁጠር ይጀምራል። «ለምን ትልካላችሁ?» የጥያቄ ምልክት ይኑረው እንጂ መልስ የሚጠብቅ ጥያቄ አይደለም። እውነት ምክንያቱን ማወቅ የምትፈልግ ከሆነ «ሞዴል 19 ያልተያያዘበት ምክንያት ካለ ይንገሩኝ» ማለት ትችላለች፤ ያ መልስ ያለው ጥያቄ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን «እያወቃችሁ» ነው። ሌሎቹ ስለ ሥራ ይናገራሉ። ይህ ስለ ሰው ልብ ይናገራል፤ ተሳሳታችሁ ማለት ቀርቶ ሆን ብላችሁ ነው ይላል። ከኢሜይሉ አንድ ቃል ብቻ አውጪ ብባል የማወጣው እሱን ነበር።

«እናንተ» እና «እኛ» ሲደጋገሙም ሌላ ጣጣ አለ። ጸሐፊዋ የምታስበው ስለ አሠራር ነው፤ አንባቢው ግን ሁለት ጎራ ነው የሚያየው። ከዚህ የሚያወጣው ቀላል መንገድ ለጎደለው ነገር ሰነዱን ባለቤት ማድረግ ነው። «ፊርማ ሳታስፈርሙ ላካችሁ» በማለት ፈንታ «ትዕዛዙ ፊርማ የለውም» ይባላል። እውነቱ አልተቀነሰም። አቶ እከሌ ማን እንዳላስፈረመ ያውቃሉ፤ መስማት አያስፈልጋቸውም።

እዚህ ላይ ግን የቢሮ አማርኛችን አንድ ክፉ ልማድ አለበትና ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ጥፋቱን ከሰው ላይ ካነሣን በኋላ ሥራውንም አብረን ከሰው ላይ እናነሣለን። «ሰነዱ ተስተካክሎ እንዲላክ እንዲደረግ» ብለን እንጽፋለን። ማን ያስተካክል? ማን ይላክ? ደብዳቤው ጨዋ ነው፤ ጨዋነቱ ግን ማንንም አያሠራም። ስለዚህ ሁለቱን ጊዜ ለይቶ መያዝ ይበጃል፦ ያለፈውን ጉድለት ሰነዱ ይናገረው፤ የሚቀጥለውን ሥራ ግን ሰውየው በስሙ ተጠርቶ ይቀበለው። «ትዕዛዙ ፊርማ የለውም፤ አስፈርመው ይላኩልኝ።» የመጀመሪያው ሐረግ ማንንም አይነካም። ሁለተኛው ማንንም አያስመልጥም።

እዚህ ሳይደርሱ ወደ ሌላው ጠርዝ የሚወድቁም አሉ። ለስለስ አድርጊው የተባለች ባለሙያ ብዙ ጊዜ የምትጽፈው እንዲህ ያለውን ነው፦

«ሰላም አቶ እከሌ፣ እንደምን ሰነበቱ? ሥራ እንደሚበዛብዎ ስለማውቅ ላስቸግርዎ አልፈለግሁም ነበር። ምናልባት የሚመችዎ ከሆነ አንዳንድ ሰነዶች ላይ ጥቂት የሚጎድሉ ነገሮች ስላሉ ጊዜ ሲያገኙ አይተው ቢያስተካክሉልኝ። ቅር እንዳይልዎ። ስለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።»

ይህ አክብሮት አይደለም፤ ልመና ነው። «ጊዜ ሲያገኙ» የተባለ ሰው ጊዜ የሚያገኘው በሐምሌ ቢሆን ቃሉን አላጠፈም። «አንዳንድ» እና «ጥቂት» ዝርዝሩን እንደ መጀመሪያው ኢሜይል ሰውረውታል። «ቅር እንዳይልዎ» ደግሞ የሚያስቀይም ነገር ሳይኖር ያለ ያስመስላል። በበኩሌ ከሁለቱ የትኛው የባሰ ጉዳት እንደሚያመጣ ስጠየቅ ይሄኛውን ነው የምለው። ምክንያቱም ሰነዱ ሰኔ 19 ላይ ሳይመጣ ሲቀር ያቺው ትሑት ጸሐፊ ያመቀችውን ንዴት ሰብስባ የመጀመሪያውን ኢሜይል መጻፏ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ ለማስተካከል የሚበቃ ቀን የለም።

አሁን ሦስተኛውን እንጻፍ። ከሁሉ በፊት ንብረት ክፍልን የሚመለከተው ከግዢው ተነጥሎ ይውጣ፤ ለንብረት ኃላፊው የቶነሩንና የጎማውን ሞዴል 19 የሚጠይቅ አጭር ኢሜይል ለብቻው ይሄዳል። ለአቶ እከሌ የሚቀረው ይህ ነው፦

«ጉዳዩ፦ የወንበርና የጽዳት ዕቃ ክፍያ ሰነዶችን ስለማሟላት፣ እስከ ሐሙስ ሰኔ 11

ሰላም አቶ እከሌ፣

ባለፈው ሳምንት ከክፍልዎ ከደረሱኝ 9 የክፍያ ሰነዶች 5ቱ ተሟልተው ለክፍያ ተዘጋጅተዋል። የቶነሩና የጎማው ሞዴል 19 ስለሚቀር ዛሬ ንብረት ክፍልን ጠይቄአለሁ። የሚከተሉትን ሁለቱን ግን በእርስዎ በኩል ካልተሟሉ መክፈል አልችልም።

የወንበር ግዢ፦ የግዢ ትዕዛዙ 84,600 ብር፣ ደረሰኙ 86,400 ብር ይላል። ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ አረጋግጠው የተስተካከለውን ሰነድ ይላኩልኝ።

የጽዳት ዕቃ ግዢ፦ የግዢ ትዕዛዙ ፊርማ የለውም። አስፈርመው ይላኩልኝ።

ሁለቱ እስከ ሐሙስ ሰኔ 11 ከቀኑ 10 ሰዓት ሊደርሱኝ ይገባል። የዓመቱ ክፍያ አርብ ሰኔ 19 ይዘጋል፤ ሰነድ በእኛ በኩል መርምሮ ለማስፈረም አንድ ሳምንት ይወስዳል። ከሐሙስ በኋላ የሚመጣውን በዚህ በጀት ዓመት ለመክፈሌ ዋስትና መስጠት አልችልም።

ሐሙስ የማይደርስ ካለ እስከ ረቡዕ ይንገሩኝ፤ ከአቅራቢው ጋር አብረን እንነጋገራለን።

ከሰላምታ ጋር»

ይህ ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ይጠነክራልም። «መክፈል አልችልም» የሚል አለበት። «ሊደርሱኝ ይገባል» የሚል አለበት። ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም አለው። እንዲያውም «እባክዎ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለውም፤ ጎደለ ብሎ የሚከፋ አንባቢ ግን የሚኖር አይመስለኝም። አክብሮቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ተሟልተው የመጡት አምስቱ መጀመሪያ ተጠቀሱ። ይህ ሽንገላ አይደለም፤ የተሠራን ሥራ መመዝገብ ነው። የአቶ እከሌ ያልሆነው ሸክም ከላያቸው ወረደ። የወንበሩ ልዩነት ላይ ማን እንደተሳሳተ ጸሐፊዋ ስለማታውቅ አልፈረደችም፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጣ አረጋግጡ አለች።

ስለ ቀነ ገደቡ ትንሽ ልቆይ፤ ጥንካሬው ያለው እዚያ ነውና። ያለ ምክንያት የተጣለ ቀን ትእዛዝ ይመስላል፤ ሌላ ክፍል ያለ ሰው ደግሞ የእርስዎን ትእዛዝ የመቀበል ግዴታ የለበትም። ምክንያቱ ሲጨመር ግን የሚያዘው የቀን መቁጠሪያው እንጂ ጸሐፊዋ አይደለችም። ስለዚህ ምክንያቱ እውነት መሆን አለበት። ሰነዱን ለመመርመርና ለማስፈረም በእርግጥ ሁለት ቀን የሚበቃ ከሆነ «አንድ ሳምንት» ተብሎ አይጻፍም። አንድ ጊዜ የውሸት ቀነ ገደብ የሰጠ ክፍል በሚቀጥለው ዓመት እውነተኛውን ቢሰጥም የሚሰማው የለም። ውጤቱም እንዲሁ በልኩ ይነገር። «ተጠያቂው የእናንተ ክፍል ነው» ብሎ ማንን ተጠያቂ እንደሚያደርጉ የመወሰን ሥልጣን ባለሙያዋ የላትም፤ «ዋስትና መስጠት አልችልም» ማለት ግን በእጇ ያለ ነገር ነው። በእጅ የሌለ ዛቻ ባዶ ነው፤ ተቀባዩም ይህን ከጸሐፊው በፊት ያውቀዋል።

«እስከ ረቡዕ ይንገሩኝ» የሚለው ዐረፍተ ነገር በር ክፍት የሚያደርግ ይመስላል። በአንድ በኩል አዎ፤ ሰውየው ያልታየ ችግር ካለበት መናገሪያ አገኘ። በሌላ በኩል ግን ዝምታን ዘግቶበታል። ረቡዕ ምንም ካላለ ሐሙስን ተቀብሏል ማለት ነው።

አሁን ወደ አንተና እርስዎ እንምጣ። በአማርኛ የሚጻፍ ኢሜይል ከመጀመሪያው ግሥ ጀምሮ መምረጥ ግድ ይለዋል፤ በዚህ ላይ የምሰማው የተለመደ ምክር «ምንጊዜም እርስዎ በል፣ አትሳሳትም» የሚል ነው። ይሳሳታሉ እንጂ! በመተላለፊያው ላይ ስትገናኙ «እንዴት አደርክ» የምትባባሉት፣ ምሳ አብራችሁ የምትበሉት የእድሜ እኩያ ድንገት በኢሜይል «እርስዎ» ሲባል አክብሮት ተጨመረልኝ አይልም፤ ምን አጠፋሁ ይላል። ርቀቱን ያነበዋል። ለእኩያው «አንተ» እያለ የሚኖር ሰው በ«አንተ» ይጻፍ፤ «ሁለቱን እስከ ሐሙስ 10 ሰዓት ላክልኝ» ከጓደኛ ሲመጣ ጨዋ ነው። «እርስዎ» የሚያስፈልገው በቃልም «እርስዎ» ለሚባለው፣ ለማይተዋወቁት፣ ወይም ኢሜይሉ ወደ በላይ ኃላፊ ሊተላለፍ የሚችል ከሆነ ነው። በመጨረሻው ጊዜ እንኳ «ለመዝገብ እንዲያመች በደብዳቤ ወግ ጽፌልሃለሁ» ብሎ በስልክ አንድ ቃል መናገር ብዙ ቅያሜ ያድናል። ስለ «ወንድሜ» እና «እህቴ» ደግሞ፦ ሰላም በሆነ ጊዜ ያማሩ ቃላት ናቸው፤ ክርክር መሐል ሲገቡ ግን «ስማ ወንድሜ» የሚለው ቃና ይዘው ነው የሚመጡት።

ባንክ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ የሚሠሩ አንባቢዎች እኛ የምንጻጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፣ ይህ አይመለከተንም ይሉ ይሆናል። በእንግሊዝኛ የአንተና የእርስዎ ልዩነት ስለሌለ ያንን የተነጠቀ የአማርኛ ተናጋሪ አክብሮቱን በ«ካይንድሊ» ሊያካክስ ይሞክራል። አንድ ጊዜ ይሁን። በአንድ ኢሜይል ሦስት «ካይንድሊ» የደረሰው ሰው ግን እየተገፋ እንደሆነ ይሰማዋል። የሰነዱ ዝርዝር፣ ቀኑና ምክንያቱ በየትኛውም ቋንቋ ያንኑ ሥራ ይሠራሉ።

ጸሐፊዋ የመጀመሪያውን ኢሜይል ስትጽፍ ራሷን እንደ ተሳዳቢ አልቆጠረችም። ይህ የእሷ ብቻ ድክመት አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኢፕሊ የተባሉ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎች አንዳንዱን ዐረፍተ ነገር በቁም ነገር፣ አንዳንዱን በምፀት እንዲያስተላልፉ አደረጉ። በኢሜይል የጻፉት ከመቶ 78 ያህሉ በትክክል ይገባል ብለው ገመቱ፤ ተቀባዮቹ በትክክል የለዩት 56 ያህሉን ነበር። ሳንቲም እየወረወሩ ቢገምቱ ከዚያ ብዙም አይርቁም። በድምፅ የተላለፈው ግን 73 ደረሰ። ምክንያቱ የሚጽፍ ሰው የራሱን ድምፅ በጆሮው እየሰማ መጻፉ ነው፤ አንባቢው ጋ የሚደርሰው ፊደሉ ብቻ ነው። እነዚሁ ተመራማሪዎች ጸሐፊዎቹ መልእክታቸውን ካሰቡት በተቃራኒ ቃና ጮክ ብለው እንዲያነቡት ሲያደርጉ ከልክ ያለፈው መተማመን ቀነሰ። ይህን ቢሮ ውስጥ መሞከር ይቻላል። በሰላም የጻፉትን ኢሜይል የተቆጣ አለቃ ሆነው አንድ ጊዜ ያንብቡት። «ላኩ» የሚለው ያስደነግጥዎታል፤ «አስፈርመው ይላኩልኝ» ግን በቁጣም ቢነበብ ብዙ አይለወጥም። የማይለወጠውን ያስቀሩ።

እስኪያነቡት ድረስ እንዳያመልጥዎ የ To ሳጥኑን ባዶውን ይተዉት። ጂሜይል ላይ የተላከን መልእክት የመመለሻው ጊዜ ቢረዝም 30 ሰከንድ ነው፤ ንዴት በ30 ሰከንድ አይበርድም።

የቀረው ግልባጩ ነው። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ የደረሰው ሰው ከጉዳዩ ቀጥሎ የሚያየው ታች ያለውን ግልባጭ ነው፤ አንዳንዱማ ከጉዳዩም ያስቀድመዋል። በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ የምክትል ዋና ዳይሬክተሩ ስም ሲታይ ከላይ የተጻፈው ምንም ያህል ቢታረም ክስ ሆኖ ይነበባል። አቶ እከሌም መልሳቸውን የሚጽፉት ለባለሙያዋ ሳይሆን ለዳይሬክተሩ ይሆናል፤ ሰነዱ ይረሳና መከላከያ ይጀመራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ለእሳቸው ብቻ ይሂድ። Bcc ውስጥ ኃላፊን መደበቅ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ኃላፊው ሳያስበው ለሁሉም መልስ የሰጠ ቀን ነገሩ ይወጣል።

ሐሙስ 10 ሰዓት አለፈና ምንም አልመጣም እንበል። አርብ ጠዋት በመጀመሪያ ስልክ ይደወላል፤ ምናልባት ሰውየው ለቅሶ ላይ ናቸው። ካልተገኙ ወይም መልሱ ዳር ዳር ከሆነ በዚያው በሰኞው መልእክት ላይ ተከትሎ ሁለተኛው ይላካል፤ አሁን የሁለቱም ክፍል ኃላፊዎች Cc ውስጥ በይፋ ይገባሉ፦

«ሰላም አቶ እከሌ፣ ከታች በሰኞው መልእክቴ የጠቀስኳቸው ሁለት ሰነዶች እስከ ትናንት አልደረሱኝም። ክፍያው የሚዘጋበት ቀን ስለተቃረበና ውሳኔ ስለሚያስፈልገው የሁለታችንንም ኃላፊዎች በግልባጭ አካትቻለሁ። ሰነዶቹ ሰኞ ሰኔ 15 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ከደረሱኝ በዚህ ዓመት እንዲከፈሉ እሞክራለሁ።»

ኃላፊን ማካተቷን አልደበቀችም፤ ምክንያቱንም ተናግራለች። የራሷን አለቃም ጨምራለች፤ የእሳቸውን ብቻ ብትጨምር ኖሮ ክስ ይሆን ነበር። «ባለፈው እንደገለጽኩት» የምትለውን መርፌ ትታ የሰኞውን መልእክት እንዳለ ከታች ተወችው። የሰኞው ኢሜይል በጥንቃቄ የተጻፈበት ዋጋ የሚታየው እዚህ ነው፤ ሁለቱ ኃላፊዎች ወደ ታች ሲወርዱ የሚያገኙት ዝርዝር፣ ቀንና ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ኢሜይል እዚያ ቢሆን ኖሮ ውይይቱ ስለ ባለሙያዋ አነጋገር ይሆንና ወንበሩ ይረሳ ነበር።

አንዳንዴ መልሱ ራሱ በቁጣ ይመጣል። «የተፈረመውን አያይዣለሁ። እኛም ሥራ አለን፤ ሒሳብ ክፍል ሁልጊዜ ምክንያት እንደፈለገ ነው» ይላሉ አቶ እከሌ። እዚህ ውስጥ አንድ ሰነድና አንድ ንዴት አለ። ለሰነዱ ብቻ ይመለስለታል፦ «የጽዳት ዕቃው ትዕዛዝ ተፈርሞ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። የወንበሩ ይቀራል፤ ሰኞ 6 ሰዓት ድረስ እጠብቃለሁ።» ንዴቱ የእውነት ካለፈ ቅሬታ የመጣ ከመሰለ ግን በጽሑፍ የሚፈታ አይደለም፤ ሐምሌ ሲገባ ቢሯቸው ድረስ ሄዶ ተቀምጦ መነጋገር ይሻላል። ሆን ተብሎ የተደበቀ ሰነድ ወይም የተጋነነ ዋጋ የሚያስጠረጥር ነገር ሲኖርም እንዲሁ የባልደረባ ኢሜይል ቦታው አይደለም፤ ያ ለኃላፊና ለውስጥ ኦዲት የሚቀርብ ጉዳይ ነው።